በርበሬውን ማን ይመስክርለት?

ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ ለሚሠራ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም በማስታወቂያ የሚቀርብለትን ሰው እንድመርጥ ተጠይቄ ነበር። ሥራው ከባድ አልመሰለኝም። በድራማ የታወቀ፣ ፒያሳ ሲያልፍ ሕፃናት ሳይቀሩ በሚተውነው ገጸ ባሕርይ ስም የሚጠሩት የአገሩ ልጅ ተዋናይ ነበረና ያለ ብዙ ክርክር እሱን አመጣሁ። የተከታዮቹን ቁጥር አይቻለሁ፤ ክፍያውን ተደራድሬአለሁ፤ የሚለብሰው ሸሚዝ ከተቋሙ ዓርማ ቀለም ጋር እንዳይጣላ እንኳ ተጨንቄአለሁ። ማስታወቂያው ፌስቡክ ላይ በወጣ በሁለተኛው ቀን ግን ከሥሩ አንድ አስተያየት ተጻፈ፦ «መጀመሪያ የጋሼን ብር ይመልስ።» ከዚያ ሌላ ሰው ሳቀበት፤ ሦስተኛው የገንዘቡን መጠን ጻፈ፤ ማታ ላይ ከመቶ በላይ አስተያየት ተከማችቶ ስለ ተቋሙ የሚያወራ አንድም ሰው አልነበረም።

ሲጣራ ተዋናዩ ቤት ሲሠራ አራዳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ከሚሸጡ አንድ አዛውንት በዱቤ ዕቃ ወስዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይከፍል ቆይቷል። ይህን የገበያው ሰው በሙሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከቢሮዬ እስከ አዛውንቱ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ማስታወቂያውን በዘጠነኛው ቀን አወረድነው፤ በቅድሚያ የተከፈለው ግማሽ ክፍያም በዚያው ቀረ።

ከጉዳዩ በላይ ያስገረመኝ ከሁለት ወር በኋላ ያየሁት ነው። ያው ተዋናይ የአንድ ጭማቂ ማስታወቂያ ሠራ። ጥቂት ሰዎች ዕዳውን ማንሳታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ወሬው አልተቀጣጠለም፤ ጭማቂውም ተሸጠ። ሰውየው ያው ነው፤ ዕዳውም ያኔ ገና አልተከፈለም። የተለየው የሚያስተዋውቀው ነገር ነበር። ጭማቂ የሚገዛ ሰው ከአስተዋዋቂው የሚፈልገው ደስ የሚል ፊት ነው። ብሩን ሊያስቀምጥ የሚሄድ ሰው ግን ከተቋሙ የሚሻው ታማኝነትን ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ታማኝነት እንዲመሰክር የላክሁት ባለዕዳ ነው።

ይህ በእኔ ትንሽ ሥራ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ በትዳሩ ላይ የፈጸመው ክህደት አደባባይ ሲወጣ፣ ስሙን ይዘው ይነግዱ የነበሩ ኩባንያዎች የወሰዱት እርምጃ አንድ ዓይነት አልነበረም። አክሰንቸር የተባለው የአማካሪዎች ድርጅት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 13 ቀን ከእሱ ጋር የነበረውን የስድስት ዓመት ግንኙነት አቋረጠ። ናይኪ ግን አብሮት ቆየ፤ የተለያዩትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው። አክሰንቸር የሚሸጠው ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ገዢው በእጁ ዳስሶ የሚገዛው ዕቃ ስላልሆነ የሚያርፈው በመካሪው ስብዕናና ፍርድ ላይ ነው። ናይኪ የሚሸጠው ጫማና ልብስ ሲሆን ከዉድስ የተዋሰው የኳስ አመታቱን ነበር፤ ያ የኳስ አመታት ደግሞ በቅሌቱ አልተነካም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የማስተርስን ውድድር ሲያሸንፍም የለበሰው ናይኪ ነበር። አንዱን ድርጅት ያቆሰለ ጥፋት ሌላውን ብዙ ያልጎዳው ሁለቱ ከአንድ ሰው ላይ የተደገፉበት ቦታ ስለተለያየ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሲጠቆምልኝ «ጥሩ ሰው ነው ወይ?» ብዬ መጀመር ትቻለሁ። ጥያቄው ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ መልሱም አይረባም። አስቀድሜ የምጠይቀው ገዢው ይህን ዕቃ ለመግዛት ስለ እኛ የትኛውን አንድ ነገር ማመን እንዳለበት ነው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ የሰው ስም አላነሳም። ሲጻፍ ደግሞ የዕጩውን ታሪክ በዚያች ዓረፍተ ነገር በኩል እመለከተዋለሁ፤ በሌላ በኩል ያለው እንከን ሊታለፍ ይችላል፤ በዚያ በኩል ያለው ግን ጥቂትም ቢሆን አይታለፍም።

አሠራሩን በአንድ ሥራ ባሳይ ይሻላል። ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ላይ በርበሬና ሽሮ ፈጭቶ፣ አሽጎ በወሎ ከተሞች የሚያከፋፍል አንድ የቤተሰብ ድርጅት አነጋገረኝ። ባለቤቱ ሁሉም ሰው «ሐጂ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው የሰባ ዓመት አባት ናቸው። ሥራውን በየዕለቱ የምትመራው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰች፣ ፈጣን ልጅ። የያዙት በጀት ሦስት መቶ ሺህ ብር ነበር። ዓረፍተ ነገሯን ለመጻፍ ጊዜ አልወሰደብንም፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የተፈጨ በርበሬ የሚያስጠረጥረው ነገር የታወቀ ነው፤ የሸክላ ዱቄት ወይም ቀይ አፈር ይቀላቀልበታል፣ ቀለም ይጨመርበታል ይባላል፤ ሲፈጸም የተያዘበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጻፍን፦ «ከረጢቱ ላይ የተጻፈውና ከረጢቱ ውስጥ ያለው አንድ ነው።» የጎደለን ይህን ቢናገር የሚታመን ሰው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ያቀረበችው በአጫጭር አስቂኝ ቪዲዮዎች የታወቀ፣ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ቲክቶከር ነበር። ለሦስት ቪዲዮ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ጠየቀ። ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያለፉትን ዘጠና ቀናት ሥራዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ እኔም ስቄአለሁ። በእነዚያ ዘጠና ቀናት ግን አሥራ አራት የተለያዩ ነገሮችን አስተዋውቋል፤ ከእነርሱ መካከል ሁለት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ በሳምንት አሥር ኪሎ ይቀንሳል የተባለ ሻይ፣ እንዲሁም የሌላ ድርጅት በርበሬ ነበሩበት። ከዚህም በላይ ያሳሰበኝ የቀልዱ መሠረት ነው። አብዛኛው ቪዲዮ ሰውን አታሎ፣ ሲደነግጥ ቀርጾ፣ መጨረሻ ላይ «ቀልድ ነው» ማለት ነው። ለመዝናኛ ምንም አይደለም። ይህ ልጅ «ምንም አልተቀላቀለበትም» ሲል ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው ቀልዱ እስኪገለጥ ነው።

ሐጂ ቪዲዮውን በልጅቷ ስልክ ካዩ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና «ልጁ ደግ ነው፤ ግን ሲዋሽ ነው የሚያምርበት» አሉ። ከእኔ ሦስት ገጽ ማስታወሻ የተሻለ ነበር።

ተከታዮቹ የት እንዳሉም ጠይቀን ነበር። ፎቶ ላከልን። ፎቶ በቀላሉ ስለሚቀየር፣ ስልኩ ላይ ያለውን የተከታዮች መረጃ ገጽ እየከፈተ በቪዲዮ እንዲቀርጽልን ጠየቅነው፤ ይህን ያደረገው ተናዶ ነው። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬቶችና በሊባኖስ የሚኖሩ ነበሩ። ለሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ ገንዘብ ለሚያስተላልፍ ድርጅት፣ ይህ ሀብት ነው። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ባሉ ሱቆች ለሚሸጥ በርበሬ ግን የምንከፍለው ዕቃችንን ሊገዙ ለማይችሉ ዓይኖች ነው።

ሁለተኛውን ሐሳብ ያመጣው የድርጅቱ ሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ አንድ የታወቁ የመንዙማ አዋቂ ቢናገሩልን የሚል። የወሎ ሰው መንዙማን እንዴት እንደሚያከብር ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ በእኚህ ሰው ላይ የሚወራ አንድም መጥፎ ነገር አልነበረም። ያልተመቸኝ ይህ ነው፤ እንከን አለመኖሩ ብቻውን የተስማሚነት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ሐጂ ግን ለማሰብ እንኳ አልፈለጉም። «እኚህ ሰው ለአላህ ብለው የሚያዜሙትን እኔ በርበሬ ልሽጥበት? ነውር ነው» አሉ። ከነውሩ ሌላ የንግድ ምክንያትም ነበረው። በርበሬያችንን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገዛዋል፤ በጾም ሽሮ የሚፈላበት ቤትና በረመዳን ሾርባ የሚሠራበት ቤት ብዙ ጊዜ አንድ አጥር ነው የሚጋሩት። የክብራቸው ምንጭ ሃይማኖት የሆነ ሰው፣ ምንም ባይናገሩ እንኳ፣ በፊታቸው ብቻ ዕቃውን ወደ አንድ ወገን ሊጎትቱት ይችላሉ።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ፈልገናት አልነበረም። ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ፣ ለብዙ ዓመታት የቤት ባልትና ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጃቸው ልጅ በከፈተላቸው ገጽ ላይ ወጥ አሠራር የሚያሳዩ እናት ነበሩ። ተከታያቸው ሃያ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ቪዲዮአቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል። አስተያየቶቹን ሳነብ ግን ከቲክቶከሩ ጋር የሚለያቸው ነገር ታየኝ። በልጁ ቪዲዮ ሥር የሚጻፈው የሳቅ ምልክት ነው። በእሳቸው ሥር ግን ሰው ይጠይቃል፦ «እትዬ፣ ኮረሪማው ስንት ፍሬ ነው?»፣ «እንደነገሩኝ ሠርቼ ባለቤቴ ደስ አለው»፣ «ዛላውን ከመፍጨቴ በፊት ስንት ቀን ላድርቀው?» እሳቸውም ይመልሳሉ። ሰው ቃላቸውን ይዞ ወጥ ቤት ይገባል፤ ለእኛ ዕቃ ከዚህ የበለጠ መመዘኛ አላውቅም።

አሁን እንደ በፊቱ በዚህ ብቻ አልረካሁም። የፌስቡክ ገጻቸውን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብሁ፤ በተለይም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባበትን ጊዜ። ይህን ጊዜ ለይቼ የማነበው በክፋት አይደለም። በዚያ ወቅት ብዙ ሰው በፍርሃትና በንዴት ስለ ጎረቤቱ የጻፈው ነገር አለ፤ ያ ጽሑፍ ሰውየው ታዋቂ በሆነ ማግሥት ተቆፍሮ ይወጣል፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከዚያ በፊት የወጣ ነው። የእሳቸው ገጽ ላይ ያገኘሁት ከተማውን ለቀው ለወጡ ሰዎች ዳቦ የሚጋገርበትን ቤት የሚጠቁም መልእክት ብቻ ነበር። ከዚያም በተዋናዩ ጊዜ ያልሠራሁትን የቤት ሥራ ሠራሁ፤ ሰኞ ገበያ ሄጄ ቅመም የሚሸጡላቸውን ሴቶች፣ የሰፈራቸውን ባለሱቅና ያስተማሯቸውን ሁለት ሰዎች አነጋገርሁ። ስለ ዱቤ ጠየቅሁ፤ ስለ ቃል አክባሪነት ጠየቅሁ። አንዷ ቅመም ሻጭ «ተከራክራ ትገዛለች፤ ከተስማማች ግን ያለችውን ነው የምትከፍል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሥራው ሊበላሽ ደረሰ። ልጅቷ ከሁለት ዓመት በፊት የተለቀቀ አንድ ቪዲዮአቸውን አግኝታ ላከችልኝ። እትዬ በመሐል ከተማ አንድ ሱቅ ፊት ቆመው እንዲህ ይላሉ፦ «የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ አትግዙ። ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም። ዛላውን ገዝታችሁ፣ ራሳችሁ አድርቃችሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ አስፈጩ።» ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። ልጅቷ «አለቀ፣ የሚያስተዋውቁትን ዕቃ አትግዙ ያሉ ሰው ናቸው» አለች። ሽያጭ ሠራተኛው ቪዲዮውን ያጥፉት የሚል ሐሳብ አመጣ።

የእኔ ሐሳብ ተቃራኒው ነበር፤ ዛሬም ነው። እሳቸው የተናገሩት እኛ በወረቀት ላይ የጻፍነውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከእኛ በፊት ተናገሩት፣ ማንም ሳይከፍላቸው ተናገሩት። ቪዲዮው ቢጠፋ አንድ ሰው ቅጂውን አውጥቶ «ብር ሲያገኙ ሐሳባቸውን ቀየሩ» ይላል፤ ደግሞም እውነት ይሆናል። ቪዲዮው ባለበት ቢቆይ ግን ሐሳባቸው ሳይቀየር የእኛ በርበሬ መመዘኛቸውን አለፈ ማለት ይሆናል። ለዚህ ግን በርበሬው በእርግጥ ማለፍ አለበት፤ በስክሪፕት የሚሞላ ጉዳይ አይደለም።

ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው ቡና አፍልተው፣ ጨዋታውን በሙሉ ሰምተው፣ «መጥቼ ካላየሁ አልናገርም» አሉ። አንድ ማክሰኞ ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። እትዬ ወፍጮውን አላዩም፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ከተደረደሩት ማዳበሪያዎች መካከል ከኋላ ያለውን አንዱን አስፈተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና አንድ ዛላ አወጡ። ላዩ ላይ ያለው ዛላ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ እሳቸው ከውስጥ ያወጡት ግን እንደ ቆዳ ተለመጠ። ሰንጥቀው አሳዩን፤ ከፍሬዎቹ ሥር ግራጫ ሻጋታ ነበር። «ሐጂ፣ ይህን ለልጅ ልጅዎ ያበሏታል?» አሉ በቀስታ። እርጥበት ሳይወጣለት የተከማቸ በርበሬ የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ውሃ ውስጥ ቢጨመርም አይታወቅም። እኛ ሦስታችን የተዘጋጀነው ለሸክላ ዱቄት ጥያቄ ነበር፤ ብርጭቆና ውሃ ሳይቀር ይዘናል፤ ንጹሕ የተባለ ዱቄት ውሃ ላይ ሲበተን ሸክላው ቶሎ ወደ ታች እንደሚዘቅጥ፣ ቀለም ያለበት ደግሞ ወዲያው መስመር እየሠራ እንደሚለቅ ለማሳየት። እትዬ ብርጭቆውን አላዩትም።

ሐጂ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በእሳቸው አልነበረም። የዚያ ሻጭ ጭነት፣ አሥራ አንድ ማዳበሪያ፣ በዚያው ቀን ወጥቶ እንዲመለስ አዘዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጭነት ከየማዳበሪያው መሐል ተወስዶ ሳይታይ እንዳይራገፍ ደንብ ተሠራ። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ «ይህን ለማየት ነው የምንከፍላቸው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚህም ነው። ቲክቶከሩ ወደ ኮምቦልቻ እንዲመጣ ስንጠይቀው «ዕቃውን ላኩልኝ፣ ስክሪፕቱን ላኩልኝ» ነበር መልሱ።

እትዬ ከወር በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ረኩ፤ ውል ተዋዋልን። ውሉ ለስድስት ወር ነው፤ ክፍያው መቶ ሃያ ሺህ ብር ሆኖ በሦስት ይከፈላል። በውሉ ላይ ብዙ የተከራከርነው ስለ መልካም ስም በሚናገረው አንቀጽ ነው። የተለመደው አጻጻፍ «የድርጅቱን ስም የሚያጎድፍ ማንኛውም ተግባር» ይላል፤ ይህ ግን ድርጅቱ በፈለገ ጊዜ ሰውን ለማባረር የሚጠቀምበት ክፍት በር ነው። እኛ ከዓረፍተ ነገሯ ጋር የሚጋጩትን ብቻ ለይተን ጻፍን፤ ያልሞከሩትን ምግብ ነክ ዕቃ በክፍያ ማስተዋወቅ፣ ክፍያ መቀበላቸውን በቪዲዮው ላይ አለመናገር፣ በሕዝብ ወይም በሃይማኖት ላይ የጥላቻ ንግግር ማሰማት። እትዬ ደግሞ በበኩላቸው አንድ አንቀጽ አስጨመሩ፦ በማንኛውም ጊዜ መጋዘኑን ያለ ቀጠሮ ማየት ይችላሉ፤ የተበላሸ ዕቃ አግኝተው በአሥር ቀን ካልተስተካከለ ውሉን ትተው ምክንያቱን ለተከታዮቻቸው መናገር ይችላሉ። የድርጅቱ ጠበቃ ይህን ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ። ሐጂ ግን ፈረሙ።

አስተዋዋቂው ምርቱን መመርመር ከቻለ ስምምነቱ ከሁለቱም ወገን ይጠበቃል፤ ድርጅቱ የሰውየውን ስም እንደሚፈራ ሁሉ ሰውየውም የራሱን ስም የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያያል። ይህ አሠራር ግን ሁሉንም አያድንም። ያለፈውን ማንበብ እንጂ የሚመጣውን ማንበብ አይቻልም፤ ነገ እትዬ ምን እንደሚናገሩ፣ በስማቸው የሐሰት ገጽ ማን እንደሚከፍት አላውቅም። ደግሞም በገንዘብ ሚዛን ሁልጊዜ አያዋጣም። የመጀመሪያው ቪዲዮ የታየው አርባ ሺህ ጊዜ ገደማ ነው፤ ቲክቶከሩ ቢሠራው አሥር እጥፍ ሊታይ ይችል ነበር። ልጅቷ ይህን አሁንም ታነሣብኛለች፤ መብቷ ነው። እኔ ከሽያጩ ይልቅ የማየው ሱቆቹን ነው፤ ሐይቅ ያለ ባለሱቅ ደንበኞቹ «የእትዬን በርበሬ» ብለው እንደሚጠይቁት ነግሮኛል። ይህ አስደስቶኛል፤ ትንሽም አስፈርቶኛል፤ ዕቃው በሐጂ ስም ሳይሆን በእሳቸው ስም መጠራት ከጀመረ ውሉ ሲያልቅ የሚቀረው ምን እንደሆነ ገና አልተነጋገርንበትም።

የድሮው ቪዲዮ አሁንም ገጻቸው ላይ አለ። ከሥሩ በቅርቡ አንዲት ሴት «እትዬ፣ አሁንስ ከሱቅ እንግዛ?» ብላ ጠይቃለች። እሳቸውም «ያላየሁትን አሁንም አልገዛም» ብለው መለሱላት። ውሉ የሚያልቀው በጥር ነው። ለማደስ ይስማሙ እንደሆነ ስጠይቃቸው አዲሱ ዛላ መጋዘን ሲገባ መጥተው እስኪያዩ ድረስ እንድጠብቅ ነገሩኝ፤ ቀኑን ግን አልነገሩኝም።